ቀጸላ በሰው ፊደል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሽ ነጥብ» ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከወረቀት መቁረጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጧል፤ እሱ ሳያየው ማሽን ላይ የሚወጣ ነገር የለም። የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ሁሉም በእሱ መነጽር ሥር ያልፋል። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ያያታል፤ አንዲት ከተረፈች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭባት ይውላል። የማሽን ሠራተኞቹ፣ «ሞት እንኳ ቢመጣበት፣ ቆይ እስቲ መጀመሪያ ስሜ በትክክል መጻፉን ልይ ነው የሚለው» እያሉ ይስቁበታል። እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ሥራ ግን ሌላ ነው። በራሳችን ፊደል የተጻፈ የንግድ ስም በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ሰው ይህን ሥራ ይንቀዋል። «እንደሚነበበው አድርገህ ጻፈው፣ ምን ያስቸግራል?» ይላል ባለሱቁ። ጋሽ ነጥብ እዚህ ላይ ደሙ ይፈላል። ከጠረጴዛው መሳቢያ አንዲት የተጨማደደች ደብተር ያወጣና ያነብለታል፦ ለአንድ ድምፅ አንድ አጻጻፍ ብቻ። ጸሎቱ ጸ ይሁን ፀሐዩ ፀ፣ ድምፁ አንድ ነውና ሁለቱም በ ts ይጻፋሉ። ግዕዙ e ከሆነ ራብዑ a ነው፤ ሁለቱን በአንድ ፊደል ከጻፍካቸው አንባቢ አይለያቸውም። የሚጠብቀውን ፊደል ዛሬ ደርበህ ነገ ነጠላ ማድረግ አይቻልም። ከፊደሉ በላይ ነጥብና ጭረት አይደረግም፤ የሰው ስልክ ላይ ያ ቁልፍ የለማ! በመጨረሻም፣ አንዴ ከወሰንክ ከሣጥኑ እስከ ደረሰኙ፣ ከማኅተሙ እስከ ድረ ገጹ ያው ይሁን። መጥፎ አጻጻፍ እንኳ ሳይለወጥ ከኖረ ሰው ይለምደዋል፤ በየዓመቱ የሚለወጥን ጥሩ አጻጻፍ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ይህን የመጨረሻውን ሕግ ለዓለም ሁሉ ሰብኳል። ያልጠበቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለገዛ እህቱ።

ታናሽ እህቱ የቆዳ ቦርሳ ትሠራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤቷ ጓሮ ባለች ክፍል በአንዲት የስፌት መኪና ነው የጀመረችው፤ አሁን አምስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ክፍሉ ቆዳ ቆዳ፣ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ በወስፌ ትበሳለች፣ ሌሎቹ ይሰፋሉ። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት፦ ቀጸላ። የራስ ጌጥ ማለት ነው፤ ሴት ቦርሳዋን እንደዚያ አድርጋ ትያዘው ብላ። ስሙን በራሳችን ፊደል አስመዝግባ ወረቀቱን በመስተዋት አስገብታ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅላዋለች።

ቦርሳው ግን ገበያ ያገኘው ውጭ ነው። እዚያ ደግሞ ያን ወረቀት የሚያነብ የለም። እናም፣ «ወንድም ጋሼ፣ በፈረንጁ ፊደል ጻፍልኝ» አለችው።

ጋሽ ነጥብ በዚያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ለሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ለእሷ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጀመሪያ Qetsela ብሎ ሰጣት፤ «ቀ» «ከ» አይደለችምና ክብሯ ይጠበቅ ብሎ። ገዢዎቹ ከ Q በኋላ u ሲያጡ ግራ ገባቸው። አንዱ «ክዌ» አለ፣ ሌላው ጭራሽ ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት K'etsela አደረገው። ያቺን ጭረት ራሱ የከለከላት ሰው! የድረ ገጽ አድራሻ ጭረቷን አልቀበልም አለ፤ የጭነት ቅጹ ላይ ቃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በአራተኛው ዓመት Ketsela አለ፣ ሰውም ወደደው። ደንበኞች ለጓደኞቻቸው ሲጽፉ ሳይሳሳቱ ይጽፉት ጀመር። ሦስት ዓመት እንዲሁ ቆየ፤ እዚያው ላይ ቢተወው ምን ነበረበት?

ታዲያ አንድ ቀን እህቱ መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ እቃውን እዚያ የሚያከፋፍልልኝ ሰውዬ ስሙን በዚያ አገር አስመዝግቢ ይለኛል። ቅጹ የላቲን አጻጻፉን ይጠይቃል። Ketsela ብዬ ልሙላው?»

«ቆዪ» አላት። «አንዴ ከገባ አይለወጥም። ላጣራው።»

ማጣራቱ ሰባት ወር ወሰደ። ለሚያውቃቸው ሁሉ እየደወለ ስሙን በቃል ይናገራል፣ እነሱ እንደሰሙት ይጽፉለታል። ከዚያ ጽሑፉን ለሌሎች ያሳይና ጮክ ብለው እንዲያነቡለት ያደርጋል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ለደንበኞቹ ሲሠራ አምስት ሰው ይበቃዋል። ለእህቱ ግን ሃያ ጠየቀ። አሥራ ሦስቱ Ketsela ብለው ጻፉ። አራቱ ሌላ፣ ሦስቱ ሌላ። ለማንም ቢሆን «አለቀ፣ ወስን» የሚልበት ቁጥር ነበር። እሱ ግን እነዚያ ሰባቱ እንደ እሾህ ወጉት። አንዷ ሴትዮ የመጀመሪያዋን e አስረዝማ ስላነበበች ብቻ አንድ ወር ሙሉ በ a ይሻል ይሆን እያለ ተብሰለሰለ። እህቱ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «ትንሽ ታገሽኝ፣ እቱ» ይላታል። እሷም ትታገሣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ እንዴት «በቃህ» ትበለው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ከውጭ ደብዳቤ መጣ። Ketsela የሚለው ስም በዚያ አገር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ በዚህ ስም እቃ ማስገባት አይቻልም ይላል። ያስመዘገበው አከፋፋዩ ነው። «አስመዝግቢ፣ አስመዝግቢ» ሲል ከርሞ፣ ዝም ሲሉት ጊዜ ራሱ ወሰደው።

ወንድምና እህት ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ጠበቃዋ ደግ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እዚያ አገር ቀድሞ ያስመዘገበ ነው ባለቤቱ» አለች። «መቃወም ይቻላል። ግን በዚህ ስም ለዓመታት እንደነገዱና ገበያው እርስዎን በዚህ ስም እንደሚያውቅ ማስረጃ ይፈልጋል።»

«ሰባት ዓመት ሸጬበታለሁ!» አለች እህት።

ጠበቃዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሣች። ደረሰኞቹ Qetsela ይላሉ። ካታሎጉ K'etsela ይላል። ካታሎጉ ብዙ ስለታተመ እስከ ዓምና ድረስ ለገዢ ይላክ ነበር። ማኅተሙ አሁንም በ Q ነው፤ ማኅተም መቀየር አስቸጋሪ ነው ብለው ትተውታል። Ketsela የሚለው ቦርሳው ውስጥ ያለው ጨርቅና የአከፋፋዩ ድረ ገጽ ብቻ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ጠበቃዋ። «እነሱ የሚያዩት ሦስት የተለያየ ስም ነው። የትኛው ነው የእርስዎ? ብለው ነው የሚጠይቁት። በራሳችን ፊደል የተጻፈው ለእኔ አንድ ነው፤ ለእነሱ ግን ሥዕል ነው። በዚህ ማስረጃ አልመክርዎትም።»

ጋሽ ነጥብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። ሦስቱም የእጁ ሥራዎች ናቸው። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ስሕተት ሲለቅም ኖሮ እህቱን ያፈረሳት የእሱ እርማት ነው። እሷ ግን አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ወረቀቶቿን ሰብስባ፣ «እንሂድ፣ ወንድም ጋሼ፤ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አለች። ልጆቹ የምትላቸው አምስቱን ሴቶች ነው።

በአዲስ ስም ሞከረች። ጋሽ ነጥብ በአንድ ቀን ጻፈላት፤ አሁን ፈጠነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደንበኞች ግን Ketsela ብለው ነው የሚፈልጉት፤ ሲፈልጉም የሚያገኙት አከፋፋዩን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳው ጓሮ ውስጥ ተከመረ። አምስቱ ሴቶች ሥራ ፈተው ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ። በሦስተኛው ወር አከፋፋዩ ራሱ ደወለ። ክፋት የለበትም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እቴ፣ አንቺ መስፋት ትችያለሽ፣ እኔ መሸጥ እችላለሁ። ለእኔ ስፊልኝ። ስሙ እንደሆነ ያው ነው።»

እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ገባ። የማሽኑ ኃላፊ የናሙና ወረቀቶቹን ጋሽ ነጥብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የቦርሳ መለያ፣ የካርቶን ጽሑፍ፣ የምስጋና ካርድ። ላያቸው ላይ በትልልቁ Ketsela ይላል። ያዘዘው አከፋፋዩ ነው። ከማዘዣው ጋር አንድ ገጽ ተያይዟል፦ ስሙ በምን ዓይነት ፊደል፣ በምን መጠን፣ በየትኛው አጻጻፍ ብቻ እንደሚታተም የሚዘረዝር። ጋሽ ነጥብ አነበበው። እሱ ራሱ ለሰው ሁሉ የሚሰብከው ነበር፤ እዚህ ሰውዬው ጋ አንድም ሳይጎድል ተፈጽሟል።

ሰው የለመደው ሥራ ዓይኑን ይመራዋል። መለያው ልክ ነው። ካርዱ ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ ሲደርስ ቆመ፦ Ketsella። አንድ l ተርፋለች፤ የሠራው ልጅ ሳያስበው ደርቧታል።

ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ። ቢተዋት ማን ያውቃል? ስምንት ሺህ ካርቶን በተሳሳተ ስም ይወጣል። ሰውዬውም አንድ ቀን የሰው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ተዘርግቶ «የትኛው ነው የአንተ?» ይባላል። ልቡ ይህን ሲያስብ ለአፍታ ሞቀ። ከዚያ ስሙ ከተመዘገበው አልገጠመም ተብሎ እቃው ከወደብ ቢመለስ በመጀመሪያ ሥራ የሚቆምባቸው እነማን እንደሆኑ አሰበ። ተጨማሪዋን l በቀይ ሰረዛት። ከሥሩ «ይታተም» ብሎ ፈረመ።

ሥራው ሲያልቅ መለያዎቹን ልትወስድ የመጣችው እህቱ ናት። ጥቅሉን ፈታ አንዱን አወጣችና ከካርቶኑ ጎን አድርጋ አየችው። ቀጥሎ ካርዱን አየች። ጣቶቿ ከማስቲሹ የተነሣ ቆዳቸው ተልጧል።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለች። ቀና ብላ ፈገግ አለችለት፤ ከልቧ ነው፣ ሽሙጥ አታውቅም። «እንዴት ያምራል፣ ወንድም ጋሼ! አንተ ነህ ያረምከው?»

«አዎ» አላት።