ከፎቶው የተቆረጡት ሁለት ወረቀቶች

በጅቡቲ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር የነበረውን ሰውዬ ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፤ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ሲገባ እነሣለታለሁ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በልቤ ግን እንደ እሱ የናቅሁት ሰው የለም፤ ለምን እንደናቅሁት የምነግራችሁም ያለ ምንም ጸጸት ነው።

እኔ ያኔ መሀል ከተማ ባለ አንድ የመነጽር ሱቅ እሠራ ነበር። ባለቤቷ የመናዊት ናት። የዓይን መርማሪው የከተማው ተወላጅ ሶማሌ ሲሆን ሦስታችንም በፈረንሳይኛ እንግባባለን። የእኔ ሥራ ኮምፒውተሩ ነበር፤ የሌንስ ትእዛዝ ጽፌ ዱባይ ወዳለ ሌንስ ቆራጭ እልካለሁ፣ ሲመጣ እረከባለሁ።

አንድ ዓመት ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው አባሎቹ ነፃ የዓይን ምርመራ አዘጋጀ። ሐሳቡ የሊቀመንበሩ አልነበረም፤ የሁለት ነርሶች ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ለማስታወቂያ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ በትልቁ የተጻፈው የእሱ ማዕረግ ነው። አርብ ጠዋት ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር በሚገኘው አዳራሽ መርማሪያችን ማሽኑን ተከለ። ዘበኞች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሁለት ሾፌሮች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ መጡ። ማሽኑ የእያንዳንዱን ሰው ዓይን ለክቶ የሱቅ ደረሰኝ የምታህል ወረቀት ያትማል። መርማሪው ልኩን በሌንስ ያመሳክርና ሲስማማበት በብዕር የሰውየውን ተራ ቁጥር ጥጉ ላይ ይጽፋል። ሰዎቹ ያንኑ ቀን የመነጽር ፍሬም መረጡ፤ እኔም እያንዳንዱን ፍሬም በከረጢት አድርጌ ያንኑ ቁጥር ጻፍኩበት። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ልወስድ ስል ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ።

«ተዪው የኔ ልጅ፣ እኔ አዘጋጅቼ በኢሜይል እልክልሻለሁ። ሥራ በሥርዓት ነው የሚሠራው» አለ።

ሰውዬው የጎማ ነጋዴ ነው። ሥርዓት የሚለውን ቃል የሚወደው ድምፁን ስለሚወድ ነው።

እሑድ፣ የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ሲጀምር፣ ሥራ ስገባ የላከው ፋይል ደርሷል። ከላይ የማኅበሩ ዓርማ፣ ከዓርማው ሥር የእሱ ማዕረግ፣ ከማዕረጉ ሥር አንድ ፎቶ። ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በስልኩ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቷቸዋል። ሌላ ምንም የለም። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ወረቀቶቹን ራሳቸውን ቢልኩልኝ ይሻላል።»

«ወረቀቶቹ መኪና ውስጥ መስተዋቱ ሥር ትቻቸው ጠቁረዋል። አሁን ምንም አይነበብባቸውም።»

እንደ ደረሰኝ ወረቀት ሁሉ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ነው። በጅቡቲ ፀሐይ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እዚህ አገር አንድ በጋ ማሳለፍ ይበቃል። እሱ ሠላሳ ያህል አሳልፏል።

«ስልክዎ ላይ ያለውን ፎቶ እንኳ ይላኩልኝ።»

«ስልኬ ሞልቶ ነበር፤ ፋይሉ ላይ ካስገባሁት በኋላ አጠፋሁት። ፋይሉ ላይ አለልሽ እኮ።»

ለሱቋ ባለቤት ብነግራት «እንዳለ ላኪው፣ ካልቻሉ ይናገራሉ» አለችኝ፤ ላክሁት። መልሱ ከዱባይ በማግስቱ መጣ፤ በአጭሩ ፎቶ አንቀበልም፣ ምስሉን አውጡና በረድፍና በዓምድ ጻፉልን የሚል። ልክ ናቸው። ሌንስ የሚቆርጥ ሰው ከፎቶ ላይ ቁጥር ለቅሞ የሰው መነጽር አይሠራም።

ስለዚህ እኔው ተቀመጥኩ። የሰንጠረዥ ፕሮግራሙን ከፈትኩና ዓምዶቹን አበጀሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ ለቀኝ ዓይን የሌንሱ ኃይል፣ የአስቲግማቲዝሙ ማለትም የዓይኑ ቅርጽ መዛባት ልክና የማዕዘኑ ዲግሪ፣ ለግራ ዓይንም እንደዚሁ፣ በመጨረሻ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት። ማሽኑ ለአንድ ዓይን ሦስት ጊዜ ለክቶ ከሥሩ አንድ ማጠቃለያ መስመር ያትማል፤ የሚጻፈው ያ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ከመጻፌ በፊት የሰንጠረዡ ክፍሎች ሁሉ እንደ ጽሑፍ እንዲወሰዱ አደረግሁ። አለዚያ ፕሮግራሙ ከቁጥሩ ፊት ያለውን የመደመር ምልክት ይውጠዋል። ለሌላ ሥራ ምንም አይደለም፤ ለመነጽር ግን ምልክቱ ራሱ ነገሩ ነው። ፕላስ ቅርቡን ለማያይ፣ ማይነስ ሩቁን ለማያይ ነው። ምልክት የሌለው ቁጥር ካየሁ ፕላስ ሆኖ ነው ወይስ ረስቼው ነው የሚለውን ማወቅ አልችልም፤ ሁለቱም ምልክት ሁልጊዜ መጻፍ አለበት።

ፎቶውን ሳሰፋው ፊደሎቹ ይፈርሳሉ። ደግነቱ የዓይን ቁጥር የራሱ ሕግ አለው። በሩብ በሩብ ስለሚሄድ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው ዜሮ ዜሮ፣ ሃያ አምስት፣ ሃምሳ ወይም ሰባ አምስት ብቻ ነው። ማዕዘኑም ከመቶ ሰማንያ አይበልጥም፤ ሰባት መቶ ሰማንያ የመሰለኝ መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መንገድ አብዛኛውን አነበብኩ። ከዚያ መርማሪው ከፎቶው ላይ ጮክ ብሎ እያነበበ እኔ ከጻፍኩት ጋር አመሳከርን። እሱ በየመስመሩ መሀል ሊቀመንበሩን በሶማሌኛ ይሰድብ ነበር። እኔም ሶማሌኛ የማልሰማ መስዬ ሰማሁት።

ጨርሼ ረድፎቹን ከከረጢቶቹ ጋር ሳስተያይ ሁለት ሰው ጎደለ። ፍሬማቸው መደርደሪያው ላይ አለ፤ ረድፍ የላቸውም። እንደገና ደወልኩ።

«እነሱ ጫፍ ላይ ነበሩ» አለ፣ የጠረጴዛ ልብስ የከረከመ ያህል እንኳ ሳይከብደው። «ፎቶው ከዓርማው ጋር አልመጣጠን ሲለኝ ቆረጥኳቸው።»

«መነጽራቸውስ?»

«በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳቸዋል። ሀራሙስ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ አይከፋቸውም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሁለቱን ሴቶች አስታወስኳቸው። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ አሠሪያቸው ለዚያ አርብ ግማሽ ቀን እንድትፈቅድላቸው ስንት ሳምንት እንደለመኗት ወረፋ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እሱ ዓርማው ቀጥ እንዲል ቆረጣቸው። ተንኮል ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ተንኮለኛ ቢያንስ ሰው መኖሩን ያውቃል።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሊቀመንበሩ ፋይሉን በሠራበት የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ፎቶ ሲቆረጥ የተቆረጠው ክፍል ከዓይን ይሰወራል እንጂ ብዙ ጊዜ ከፋይሉ አይጠፋም። የተላከውን ፋይል ከፍቼ ፎቶውን ጠቅ አደረግሁና ወደ መጀመሪያው ይዞታው እንዲመለስ አዘዝኩት። ምስሉ ወደ ቀኝ ተለጠጠ። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተኝተው ነበር፤ አጠገባቸው የሊቀመንበሩ የመኪና ቁልፍና ግማሽ ሳምቡሳ። የሴቶቹ ቁጥር ከሁሉም የጠራ ነበር። መርማሪው አነበበ፣ እኔ ጻፍኩ።

የቀረን አንድ ሰው ነው። የአንድ ዘበኛ ወረቀት ላይ የአምፖሉ ብርሃን አርፎ ከቁጥሩ ፊት ያለውን ምልክት ነጭ አድርጎታል። ሁለቱም ዓይን ላይ። ቁጥሩ ይታያል፣ ምልክቱ የለም። ክፍሉን ባዶ ትቼ ሳለ ሊቀመንበሩ በአጋጣሚ ሱቁ ገባ፤ የፀሐይ መነጽር ሊያይ።

«ይኸ ሰውዬ ፕላስ ነው ማይነስ?» ብዬ አሳየሁት። ሰውዬውን ያስታውስ እንደሆነ ብዬ ነው።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳ ያለፈው ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ፕላስ አድርጊው። ሰው ሲያረጅ ፕላስ ነው።»

«ካልሆነስ ጋሼ?»

«ነፃ ነው እኮ የኔ ልጅ» አለና መስተዋቱ ፊት የመረጠውን መነጽር አደረገ። አላማረበትም፤ እንዳማረበት ነገርኩት።

ዘበኛው ተደውሎለት በነጋታው መጣ። እርጋታ ያለው የሐረር ሰው ነው፤ ጋቦዴ ሰፈር ይኖራል።

«አባቴ፣ ስልክዎ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባሉ?» አልኩት።

«አነባለሁ፣ ምንም አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ በር ላይ የሚመጣው መኪና ነው። ሰሌዳውን የማነበው አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ነው።»

ማይነስ መሆኑ ከዚህ ተጠረጠረ፤ መርማሪው ግን በግምት አይጽፍም፣ ማሽኑ ፊት አስቀመጠው። ማይነስ ወጣ፣ ሁለቱም። ያ የጎማ ነጋዴ እንዳለው ቢሆን ኖሮ ሰውየው ጭራሽ እጁን ዘርግቶ በሩን የሚፈልግ ዘበኛ ይሆን ነበር።

ፎቶውን ከፋይሉ አውጥቼ፣ ዓርማውንም ማዕረጉንም አብሬ አውጥቼ፣ ሰንጠረዡን ብቻ ላክሁ። ጥያቄ አልመጣም። ሌንሶቹ ደረሱ፣ ፍሬም ውስጥ ገቡ።

መነጽሮቹ የታደሉት እዚያው አዳራሽ ነው። ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ከእኛ ሱቅ የገዛውን የፀሐይ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰክቶ ረጅም ንግግር አደረገ። «የእያንዳንዱን ወገኔ የዓይን ልክ በራሴ እጅ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ባሕር ማዶ ልኬያለሁ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ነርሶቹም አጨበጨቡ፤ ሐሳቡ የእነሱ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። መርማሪው ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት፤ ትከሻውን ሰበቀና ውሃውን ጠጣ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አልደብቃችሁም። በዓመቱ ያለ ተቃዋሚ መልሰው መረጡት። መነጽሩ በታደለበት ቀን ከእሱ ይልቅ የናቅሁት ጭብጨባውን ነው።

የሀራሙስ ሁለቱ ሴቶች መጨረሻ ተጠሩ። እንደተቆረጡ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወጡ፤ አውቶቡስ እስኪመጣላቸው አብሬያቸው ቆምኩ። ታናሺቱ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ ላይ ያለውን ታፔላ በጣቷ እየጠቆመች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራች። ፈረንሳይኛ አታውቅም።

«ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«የባትሪ መሸጫ ነው።»

«እኔኮ ግድግዳው የቆሸሸ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ቀጥሎ ያለውን ታፔላ ማንበብ ጀመረች።