ለአንዲት «ሰላም» የሚሰጥ መልስ

የወንድሜ ሚስት ስሟ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ምን አድርጋሽ በሉኝ! ምንም። ወንድሜ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ጥገና ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ባንኮኒው የእኔ ነበር፤ እሷ ትናንት መጥታ የሱቁን ስልክ ብትነካው ደንበኛው ሁሉ «ያቺ ልጅ የለችም?» ማለት ጀመረ። አሁን ደግሞ ወንድሜ መጋዘን ተከራየ። አንዳችን ስልኩን ይዘን እንቀራለን፣ አንዳችን መጋዘን ገብተን ዕቃ እንጠብቃለን።

ጣጣው ያለው «ሰላም» ላይ ነው። ሰው ወደ ሱቁ ስልክ መጀመሪያ ይህችን ቃል ብቻ ጽፎ ዝም ይላል። እኔ «ሰላም» ብዬ እመልሳለሁ፤ «እንዴት ነሽ?» ይላል፤ «ደህና፣ አንተስ?» ስንባባል ፍሪጁ ቤቱን ውሃ በውሃ ያደርገዋል። ወንድሜ ሲቆጣኝ የተዘጋጀ ጽሑፍ መለጠፍ ያዝኩ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለመረጡን ከልብ እናመሰግናለን። ለፍሪጅ አንድን፣ ለማጠቢያ ሁለትን...» አንዱ «እዚያ ሰው የለም እንዴ?» ብሎ በዚያው ጠፋ።

እሷስ? «ሰላም፣ እንዴት ዋሉ! አለሁ፤ ምን ልታዘዝ?» በቃ! ሰላምታውን በሰላምታ ትመልሳለች፣ ሰው እንዳለ ታሳውቃለች፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቃ ለእሱ ትተወዋለች። ሰውየው ወዲያው ችግሩን ይዘረግፈዋል። ከማን አንሼ ብዬ እኔም ሞከርኩ፤ ግን አሳመርኩት፦ «ሰላም ሰላም የኔ ማር! ፍሪጁ ነው አይደል ያስቸገረዎት?» ለካ ሰውየው ሱቃችን ውስጥ ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ነው የሚፈልገው። «የምን ፍሪጅ? የምን ማር?» አለኝ። እሷ ሳቋን አፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። ወይ ውርደቴ!

ወንድሜ ሊወስን ሲል ስህተት ልይዝባት ቆረጥኩ። ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቁጥሩን የማታውቀው መስሎኝ፣ በልጄ ስልክ «ሰላም» ብዬ ላክሁላት። ወይ ትዘገያለች፣ ወይ ትለጥፋለች ብዬ።

«ሰላም፣ እንዴት ዋሉ! አለሁ፤ ምን ልታዘዝ?»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ምን ልታዘዝ ያለኝ ሰው የለም፤ ቤት ውስጥም ታዛዧ እኔው ነኝ። ዝም ስላት ጊዜ «አይቸኩሉ፣ ሲመችዎት ይጻፉልኝ» አለች። ምነው መጥላቱን እንኳ ብትተውልኝ!

ወንድሜ «ስልኩን ማን ይያዘው?» ሲለኝ «እሷ ትያዘዋ» አልኩት። ከዚያም መጋዘን ገባሁ።

እዚያ ከማሽኖቹ መሀል ብቻዬን ስቀመጥ ቅናቴ ተነሳብኝ። ለደንበኛ ነው እንጂ ለእኔማ እንዲህ አትመልስም ብዬ በራሴ ስልክ «ሰላም» አልኳት።

«ሰላም እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ! አለሁ፤ ያን ቀን በልጅሽ ስልክ ልትጽፊልኝ የነበረው ምን ነበር?»