ለባሪየም ጥናቴ አማካሪ ስፈልግ

የፊዚክስ መምህራችን በኢሜይል መለመን አይወዱም ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን እንዲያማክሩት የሚፈልግ ተማሪ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ሳንሆዜ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ካለው ቢሯቸው ድረስ ይዞ መሄድ አለበት። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቴ ደግሞ በስደት መጥቶ መኪና የሚነዳ። ኦክላንድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው ያገናኛቸው። እዚያ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ዶክተር። በሰው ፊት «እንደ ልጄ ናት» ሲሉ ሰምቼ አምኛቸው ነበር። ሞኝነቴ!

ደብዳቤውን ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። የፈለግኩት ባሪየም የሚባለውን፣ በየሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ግማሹ የሚጠፋውን ጨረር አመንጪ አይሶቶፕ ግማሽ ዕድሜ በጥንቃቄ መለካት ነበር። ከሲዚየም የሚወለድ ነው፤ ሲዚየሙን ከያዘች ትንሽ ዕቃ ውስጥ በጨው ፈሳሽ ታጥቦ በጠብታ ይወጣል። አንደኛ ዓመት ሳለን ስንለካው ውጤታችን ሁሌ መጽሐፍ ላይ ካለው ይረዝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። እኔ ሁለት ምክንያት ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ጨረሩ ሲበዛ እየተሻማበት፣ ቆጣሪው መሣሪያ ብዙ ያመልጠዋል። ሁለተኛ፣ ከጠብታው ጋር ትንሽ ሲዚየም ሾልኮ ስለሚወጣ ቆጠራው መጨረሻ ላይ መውረድ ሲገባው አልወርድም ይላል። ያመለጠውን በስሌት መመለስ፣ ባሪየሙ እስኪያልቅ ጠብቆ የቀረውን ለክቶ መቀነስ፤ በቃ፣ ሐሳቤ ይኸው ነበር። ኮራሁበት፣ አልዋሽም።

ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ለአባቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።

«ራዲዮአክቲቭ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። ፍሬሽማኖች ሳይቀሩ ይሠሩበታል።»

«አንቺ እኮ ሴት ልጅ ነሽ። ነገ መውለድ አለ።»

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፤ ደብዳቤው ምስጋና ያንሰዋል ብሎ አንድ መስመር አስጨመረኝ። ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤውን ከሰጠኋቸው ከሳምንት በኋላ መምህሬ ጠሩኝ። «ሐሳብሽ ግሩም ነው። የቆጣሪውን ችግር ያየሽበት መንገድ ደስ ይላል። ግን ዘንድሮ በጣም ቢዚ ነኝ፣ ሱፐርቫይዝ ማድረግ አልችልም» አሉኝ። ሌሎቹ መምህራን ተማሪ ወስደው ጨርሰዋል። የምዝገባው ቀን አለፈ። በመመረቂያ ጽሑፉ ፋንታ ሌላ ኮርስ ወሰድኩ። ለኒውክሌር ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ሳመለክት የማሳየው የራሴ ሥራ አልነበረኝም፤ ያመለከትኩባቸው ሁሉ አልተቀበሉኝም። እሳቸውን ግን አልተቀየምኩም፤ የሥራ ብዛት ነው ብዬ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ መሪውን እንደያዘ ስለ እሳቸው ማውራት ጀመረ። «ጨዋ ሰው ናቸው። ደውዬ ልጄን ከዚያ ጨረር ያርቁልኝ ብላቸው አላሳፈሩኝም» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ደውለህ ነበር?»

«አባት አይደለሁ? ምን ላድርግ?»

አናድዶኛል፤ ግን የፈራው ስለማያውቅ ነው። ጨረር ሲባል የሚያውቀው ሆስፒታልና ቦምብ ነው። ሌሊቱን ያቃጠሉኝ መምህሬ ነበሩ።

ሰኞ ቢሯቸው ገባሁ። ቁጭ በይ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም።

«አባቴ ደውሎልዎት ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ደውሎ ነበር። ትልቅ ሰው ለምኖኝ እንዴት እምቢ ልበለው? ነውር ነው።»

«እንደማይጎዳኝ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም? እኔን ባያምነኝ እርስዎን ያምንዎታል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር።»

«አየሽ፣ አባት በልጁ ጉዳይ ከወሰነ በኋላ እኔ መሃል ገብቼ ፊዚክስ ላስተምረው አልችልም።»

ስለ እኔ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በስልክ ተነጋግረው ተከባብረው ጨርሰዋል። እኔን የጠየቀኝ የለም። እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ፊት ማልቀሴ ደግሞ የባሰ አበሸቀኝ።

እሳቸው ነገሩ ያለቀ መሰላቸው መሰለኝ፣ ከጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት አነሱ። የአንደኛ ዓመት ላቦራቶሪ ፕሮግራም ነበር፤ እኔን ጨምሮ የተማሪ ረዳቶቹን የሚመድቡት እሳቸው ናቸው።

«በነገራችን ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የባሪየሙን ኤክስፐሪመንት ለፍሬሽማኖቹ የምታሠሪው አንቺ ነሽ። ጠብታውን የምታወጪላቸውም አንቺ። ካንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም» አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። የሚጎዳ ነገር ቢሆን ኖሮ እጄ ላይ ያስቀምጡት ነበር?

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ዞርኩ።

«ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው» አሉኝ፤ «ቅር ይለዋል።»