የሲኞር አቲሊዮ ካሞሚላ

ውባንቺ ውሸታም አልነበረችም፤ እሺ ማለት ግን ትወዳለች። ሮማ በገባች በሦስተኛ ወሯ ኤስኲሊኖ ካለ አንድ ቤት ለሥራ ስትጠየቅ፣ የቤቱ እመቤት ሲኞራ ኤሌና ምግብ ማብሰል ትችያለሽ ወይ አለቻት፤ «ሲ» አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። ልብስ መተኮስስ? «ሲ»። ጣልያንኛ ማንበብስ? ይኸንንም «ሲ» ብላ አረፈችው። ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ስለሆነች ፊደሉን መልቀም አያቅታትም፤ የተለቀመው ፊደል ምን እንደሚል ነው እንጂ የማታውቀው። ዘመኑ የደርግ ነው። ከአገር ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀበሌ ደጅ የጠናች ሴት ለአንዲት ጥያቄ ብላ እንጀራዋን አትገፋም። እኔ አልፈርድባትም።

የቤቱ አዛውንት የኤሌና አባት ሲኞር አቲሊዮ ናቸው። ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው የባቡር ሥራ ጡረተኛ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ። ልባቸው እየዘለለ ስላስቸገራቸው ሐኪማቸው ቡናም ሻይም ከልክሏቸዋል። ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር ሻይ ውስጥም አለ፤ ጣልያኖች በሻይ ሲሆን ቴይና ይሉታል። ስለዚህ ቡና ከቤቱ ተጠርጎ ወጣና ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሣጥን ቀረ፤ ቀዩ ኤሌና ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው ሻይ፣ ቢጫው ለአባቷ የተገዛ ካሞሚላ የሚሉት የአበባ መጠጥ። ውባንቺ በቀለም ለየቻቸውና ተገላገለች። ቀይ ለልጅ፣ ቢጫ ለአባት፤ ለዚህ ደግሞ ምን ንባብ ያስፈልጋል?

አፈላሉ ላይ ግን ማንም እንዲመክራት አትፈልግም ነበር። ቡስቲና የሚሏትን ክር ያላት ከረጢት ሲኒ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ለእሷ ሻይን ማጠብ እንጂ ማፍላት አይደለም። በየቀኑ በአሥር ሰዓት ቡስቲናዋን ትንሽ ድስት ውስጥ ትጥልና፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምራ ሩብ ሰዓት ታንተከትከዋለች። ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ቀይ ካልሆነማ ምኑን ሻይ ሆነ። አዛውንቱ እስከ ጭላጩ ይጠጡላታል፤ እንዲህ ያለ ካሞሚላ በዕድሜያቸው ቀምሰው እንደማያውቁም ይምሉላታል። አንድ ምክር ብቻ ነበራቸው። ከሣጥኑ በስተኋላ ያሉት መዓዛቸው አልጠፋም፣ ሁልጊዜ ከኋላ አውጪ ይሏታል። የዋህ ናትና ከኋላ ታወጣለች።

አራት ወር እንዲህ ከሄደ በኋላ የሽማግሌው ልብ ባሰበት። ሐኪሙ መጥቶ ደረታቸውን አዳመጠና፣ ሰውየው ከአንድ ቦታ ቴይና እያገኙ ነው ብሎ ሄደ። ኤሌና ወዲያው ሁለቱን ሣጥኖች አምጥታ ውባንቺ ፊት አስቀመጠችና የተጻፈውን እንድታነብላት ጠየቀቻት። ውባንቺ ቢጫውን አነሳች፣ ገለባበጠች። በመጨረሻም አለማወቋን ተናገረች። ኤሌና አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ ያኔ አባቴ ካልተሻለው ማንበብ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ አለቻት። የውባንቺ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ደግሞ በዚህ ቤት ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራው ከሄደ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ከሄደ ያው ቀበሌ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የሠራተኞች እረፍት ነው። ሁለቱን ሣጥኖች ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ፒያሳ ቪቶሪዮ አትክልት ቦታ ሄደች፤ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጓደኛዋ ትበርህ ትጠብቃታለች። ትበርህ አስመራ የጣልያን ትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ ይኸንንም ሰው እንዳይረሳባት ተግታ ትሠራለች። መነጽሯን አጠለቀችና ቢጫውን ሣጥን እንደ ዳኛ አነበበችው። ከላይ በትልቁ ስሙ አለ። ከጎን «ኢንግሬዲየንቲ» ካለበት ጀምሮ ያለው የገባበት ነገር ዝርዝር ነው፤ የካሞሚላ አበባ፣ ሜሊሳ የሚባል የሎሚ ሽታ ያለው ቅጠል፣ የብርቱካን ቅጠል፣ እንስላል። የሻይ ቅጠል የለበትም፤ ስለዚህ ቴይናም የለበትም። ቀዩ ላይ ግን «ቴ ኔሮ»፣ ጥቁር ሻይ ይላል፤ እሱ ቴይና አለው። ቀጥላ ስለ አፈላሉ የተጻፈው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አሎራ፣ ለቢጫው የፈላ ውሃ ሲኒው ላይ አፍስሰሽ፣ ከድነሽ አምስት ደቂቃ። ለቀዩ ከሦስት እስከ አራት። አንቺ ስንት ነው የምታቆዪው?»

ውባንቺ ነገረቻት። ትበርህ መነጽሯን አወለቀች፣ ሳቀች፣ መልሳ አጠለቀችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ ግን አዘነችላትና እስኪመሽ ድረስ ቃላቱን በአማርኛ ፊደል እያጻፈች አስጠናቻት። ቢጫው ንጹሕ ከሆነ የሽማግሌው ልብ በምን ዘለለ የሚለውን ግን ሁለቱም አልመለሱትም።

መልሱ አርብ ዕለት በአሥር ሰዓት መጣ። ውባንቺ ድስቷን ትታ፣ ቀረፋና ቅርንፉዷን ትታ፣ እንደተጻፈው ውሃውን ሲኒው ላይ አፈሰሰች። ከኋላ ያወጣቻት ቡስቲና ገና ውሃ ሲነካት ቀላች። ግራ ገባትና ከፊት ሌላ አውጥታ በሌላ ሲኒ ሞከረች፤ ይኸኛው እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የቀላችውን ክር ሳብ አድርጋ ጫፏ ላይ ያለችውን ቁራጭ ወረቀት አነበበች። ቴ ኔሮ። ለካስ ሽማግሌው ልጃቸው ቢሮ ስትሄድ ከቀዩ ሣጥን እየሰረቁ ቢጫው ኋላ ይደብቃሉ። የእሷ ቀረፋና ቅርንፉድ ደግሞ ቀለሙንም ጣዕሙንም ሲሸፍንላቸው ከርሟል። ኤሌናም ሻይዋ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባት የምትጠረጥረው ውባንቺን ነበር፤ ጉድ እኮ ነው።

መጀመሪያ ተናደደች። የእኔን እንጀራ በአንድ ሲኒ ሻይ ይሸጡታል ብላ ልትናገርባቸው ተነሳች። ከሳሎን በኩል ግን ካሞሚላዬ ደረሰ ወይ ሲሉ ሰማቻቸው፤ ድምፃቸው ከረሜላ እንደሚጠብቅ ሕፃን ነበር። አንጀቷን በሏት። ቢጫውን ሲኒ ሰጠቻቸው፤ ገና ሲቀምሱት ፊታቸው ተጨማደደ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ሱቅ ሄደች። መደርደሪያው ፊት ቆማ፣ ሣጥን እያነሳች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነብ ባለሱቁ የምትጸልይ መስሎት ነበር። ስድስተኛው ሣጥን ላይ የምትፈልገውን አገኘች። ቤት ስትመለስ የሽማግሌውን የስርቆት ቡስቲናዎች ወደ ቀዩ መለሰች፣ የገዛቻቸውን ቢጫው ኋላ ደረደረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው እንዲደብቁ ትተዋለች፣ ዞር ሲሉ ትለውጥባቸዋለች። በአሥር ሰዓት ቀይ ሻይ በሦስት ደቂቃ፤ እሳቸውም በድል አድራጊ ፊት እየሳቁ ይጠጣሉ።

ሁለት ሳምንቱ ሞላና ሐኪሙ በአሥር ሰዓት ላይ፣ ሽማግሌው ሻያቸውን ሲጠጡ መጣ። የሽማግሌውን እጅ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆየ፤ ኤሌና ቆማ፣ ውባንቺ በሩ ጋ ቆማ። ልባቸው ረግቷል አለ። ኤሌና ዞራ ምን ስትሰጪው ነበር አለቻት። ውባንቺ ወጥ ቤት ገብታ አዲሱን ሣጥን አመጣች፤ ሲኞሬ የሻይ ቀለም ስለናፈቃቸው ይኸን ገዛሁላቸው አለች። ስለ ደባቂው ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ማንም ሳያዛት፣ ጮክ ብላ፣ በጣልያንኛ ታነብ ጀመር።

«ቴ ኔሮ ዴቴይናቶ። ቴይናው የወጣለት ጥቁር ሻይ። የቀረው ቴይና ከመቶ ከዜሮ ነጥብ አንድ አይበልጥም። ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይዘፍዘፍ።»

የሲኞር አቲሊዮ ሲኒ አፋቸው አጠገብ ሳይደርስ ቆመ። ይኸን ሁሉ ቀን ሰርቄ ጠጣሁ ሲሉ የተሰረቁት እሳቸው ናቸው። አቤት እንዳይሉ ሌብነታቸው ይወጣል፤ ዝም እንዳይሉ ያንገበግባል። ሲኒውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ውባንቺን ትክ ብለው አዩዋት። እሷ ዓይኗን ከሣጥኑ አላነሳችም። ሽማግሌው የቀረውን ጨለጡና ሲኒውን ዘረጉላት።

«ነገ አራቱን ደቂቃ አድርጊልኝ» አሉ።