ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ሸዋጌጥ ቂም ያዥ ናት። ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ እሷም አትክድም። «እኔ ከረሳሁማ ማን ሊያስታውስልኝ ነው?» ትላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ስሙ ወሰኔ ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው በንጉሡ ዘመን ነው፣ በ1965። ሸዋጌጥ ሃያ ዓመቷ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ ወሰኔ ደግሞ እዚያው የመንገድና ድልድይ ሥራ ክፍል ጸሐፊ። በአንድ ስብሰባ ላይ ወደ ጉቶ ጊዳ የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ ክረምት ሳይገባ ይጠገን ተባለ። ወሰኔ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ «ለኔ ተዉት! ግንቦት ሃያ አያልፍም» አለ። ሸዋጌጥ በጆሮዋ ሰምታለች። ግን የዚያ ቤት ደንብ ምን ነበር? ማን ምን አለ፣ መቼ አለ ብሎ መጻፍ ነውር ነው። አለቃው አስጠርቶ አስጻፋት፦ «ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል በአስቸኳይ ይፈጽም።» የሰው ስም የለ፣ ቀን የለ። ማኅተም ተረገጠበትና ወጣ።

ሐምሌ ላይ ድልድዩ አንድ የጨው ነጋዴን ከነበቅሎው ይዞ ወደቀ። ሰውየው እግሩ ተሰበረ። መርማሪ ሲመጣ ወሰኔ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ደብዳቤው አልደረሰኝም፤ ታይፒስቷ ዘንግታው ይሆናል» አለ። እሷ ማስረጃዋ ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ ስሙ የለ! ተባረረች። ሥራውስ ሌላ ይገኛል፤ አባቷ ግን ወሰኔን አመኑት። «ሰው እግሩ የተሰበረው በልጄ ዝንጉነት ነው» እንዳሉ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ይኸውላችሁ፣ ይሄ ነው እሷን ያነደዳት፤ አባቷ ሳይታረቋት መሞታቸው።

ዘመን ተገለበጠ፣ እንደገናም ተገለበጠ። ሸዋጌጥ ኮምፒዩተር ተማረች፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሆናት ለገጠር ቀበሌዎች ምንጭ የሚያጎለብት አንድ ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። በ2003 ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣላት ማን ይመስላችኋል? ጡረታ የወጣው ወሰኔ! ቢሮው ከሷ ቢሮ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይለያል። «ሸዋዬ! አለሽ እንዴ?» ብሎ ጉንጯን ሳማት። የድልድዩን ነገር ጨርሶ ረስቶታል። እሷ አልረሳችም፤ ግን ሻይ አስመጣችለት።

መጋቢት 6 ቀን ማክሰኞ ስብሰባ ሆነ። ሰብሳቢው ኦቦ ሞረዳ ናቸው፤ ምንጭ የሚጎለብትላቸውን የአኖ ቀበሌ ሰዎች ወክላ ዓባይነሽ መጥታለች፤ የውኃ ባለሙያዋ ድርቤም አለች። የአኖ ምንጭ ቧንቧ ይዘዝ ተባለ። ወሰኔ እጁን ደረቱ ላይ ለጠፈና፣ «ለኔ ተዉት! መጋቢት ሃያ አያልፍም» አለ። የሸዋጌጥ እስክሪብቶ በእጇ ላይ ቆመ። ያው እጅ፣ ያው ቃል! ሲወጡ ጠጋ ብሎ፣ «መቼም ታውቂበታለሽ፣ የሚመለከተው ክፍል ይፈጽም በይው» አላት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ከዚያ ገብታ ኢሜይል ጻፈች፤ ለተሰብሳቢው ሁሉ፣ ግልባጭ ለቦርዱ። የዓባይነሽን ቅጂ አትማ በአኖ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል አደረሰችላት።

«ጉዳዩ፦ የመጋቢት 6 ስብሰባ ውሳኔዎች።
አንደኛ፣ የአኖ ቧንቧ ማዘዣ ተፈርሞ ለአቅራቢው ይላካል። ኃላፊ፦ አቶ ወሰኔ። እስከ መጋቢት 20።
ሁለተኛ፣ የምንጩ ውኃ ተመርምሮ ውጤቱ ይቀርባል። ኃላፊ፦ ወይዘሪት ድርቤ። እስከ መጋቢት 15።
ሦስተኛ፣ የአኖ ነዋሪዎች የቧንቧውን ቦይ ቆፍረው ይጠብቃሉ። ኃላፊ፦ ወይዘሮ ዓባይነሽ። እስከ መጋቢት 25።
የተሳሳትኩት ካለ እስከ ሐሙስ ቀትር ጻፉልኝ፤ ካልጻፋችሁ እንደተስማማን እቆጥረዋለሁ።»

ድርቤ «ልክ ነው» ብላ መለሰች። ከአኖ «ደርሶናል» ተባለ። ወሰኔ ምንም አላለም። አንብቦታል፤ በግድግዳው በኩል ሲስቅ ሰምታዋለች። «ይሄ እኮ ቁጥር የለው፣ ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው! ማኅተም የሌለው ነገር ማንን ያስራል?» ይላል ለአንዱ እንግዳው። ሸዋጌጥ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ልክ አጣ። ሳቅ፣ ሳቅ ወሰኔ! አንተ ዝም ባልክ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል።

ድርቤ ውጤቷን በቀኗ አቀረበች። ማዘዣው ግን ወሰኔ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አርብ መጋቢት 16 ሸዋጌጥ ማስታወሻ ላከች፦ «አራት ቀን ቀርቷል።» ይህንንም በኢሜይል፣ ይህንንም ለሁሉ። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግድግዳውን ግን አላንኳኳችም። በየጠዋቱ በበሩ ታልፋለች፣ «እንዴት አደሩ» ትላለች፣ ስለ ቧንቧ ትንፍሽ አትልም። ቢፈርምባትስ? ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ሊያመልጣት አይደል! መጋቢት ሃያ አለፈ። እሰይ!

ሚያዝያ 11 ስብሰባው ተጠራ። ወሰኔ ገና ሳይጠየቅ፣ «እኔ የተጻፈልኝ ደብዳቤ የለም፤ ጸሐፊዋ ዘንግታው ይሆናል» አለ። በእግዜር! ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። ሸዋጌጥ ኢሜይሉን አትማ ለእያንዳንዱ ሰው ፊት አስቀመጠች፤ ስም፣ ቀን፣ የሐሙስ ቀትር፣ ማስታወሻው፣ ሁሉም አለ።

«ማኅተም የት አለው?» አለ ወሰኔ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ።

«አፍህ ነው ማኅተሙ» አሉት ኦቦ ሞረዳ። «እዚህ ተቀምጠህ ስትናገር ሰምተናል። ተሳስቻለሁ ካልክ ለምን አልጻፍክላትም?»

በዚያው ከሥራው እንዲነሳ ተወሰነ። ወሰኔ ሲወጣ ሸዋጌጥን አያት፤ ያን ጊዜ ድልድዩ ትዝ ያለው መሰላት። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ዓባይነሽ ግን አልተነሳችም። «ማሎ፣ እባክሽ፣ አዴ ሸዋጌጥ» አለች ቀስ ብላ። «እኛ በቀናችን ቆፈርን። ሁለት መቶ ሰው፣ አሮጊት ሳይቀር። ቧንቧ ስንጠብቅ ዝናቡ መጣና ቦዩን ደፈነው። ይሄ ሰውዬ እንደማይፈርም ታውቂ ነበር?»

ሸዋጌጥ መዋሸት አትወድም። «አውቅ ነበር» አለች።

«ቢሮሽ የት ነው?»

«እዚያ... ከሱ ጎን።»

«ታዲያ አንኳኩተሽ ብትነግሪው ምን ነበር? ካልሆነም ለእኔ ብትደውዪ? አትቆፍሩ ብትዪን ምን ነበር?»

ድርቤ መሬት መሬት አየች። ኦቦ ሞረዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ቦዩ እንደገና ይቆፈር። አኖ ሄዶ ለሕዝቡ የሚነግር ማነው?» አሉ። ሁሉም ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ያን ሁሉ ደካማ ሰው ሰብስቦ፣ የቆፈራችሁት ከንቱ ቀረ፣ እንደገና ቆፍሩ ማለት ቀላል አይደለም። ያ እግሩ የተሰበረ ነጋዴ፣ ሸዋጌጥ ፊቱን እንኳ አይታው የማታውቀው ሰው፣ መጣባት። አባቷም መጡባት።

ገብታ የዛሬውን ውሳኔ ልትጽፍ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀመጠች። አንደኛውን ቶሎ ጻፈችው፦ አቶ ወሰኔ የቢሮውን ቁልፍ ያስረክባሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተመኘችው መስመር ነበር፤ ስትጽፈው ግን አልጣማትም። ሁለተኛውን ጻፈች፦ የአኖ ሕዝብ ተሰብስቦ ቦዩ ለምን እንደተደፈነ እውነቱ ይነገረዋል። ኃላፊ፦

ሸዋጌጥ። እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ለሁሉም ላከችውና ወደ አኖ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ለመጠየቅ ወደ መናኸሪያ ወጣች።