የቃለ ጉባኤ ሦስተኛ ገጽ

«እኛ የምንጠይቀው ይጻፍ፣ እኛ የምንጠየቀው ይሰረዝ? ቆሜማ አላየውም!»

የቆርቆሮው ቢሮ መስኮት ነዘረ። ውጭ አርማታ የሚያቦኩት ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው ጆሯቸውን አቆሙ።

ይህን የጮኸችውን ሴት ሳይቱ ላይ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ቃለ ጉባኤ ነው የሚላት። በር ላይ አስቁመሃት «ሲሚንቶ ዘገየ» ብትላት እንኳ፣ «ቆይ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያልከው?» ብላ ደብተሯን ትመዛለች። የክሊኒኩን ግንባታ ሁለት ዓመት መርታ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው። ሰኞ አዲስ መሥሪያ ቤት ትገባለች፤ የመልቀቂያ ክሊራንሷ ከተፈረመ ማለት ነው።

የሚፈርመው ደግሞ የተቋራጩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። «እህም» ማለት ይወዳል፤ ሲናደድ ሁለቴ ይላል።

«እህም፣ እህም። አንቺ ልጅ፣ የርክክብ ማስታወሻ ጻፊ አልን እንጂ ኑዛዜ ጻፊ መች አልን?»

ማስታወሻው ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ያልተዘጋ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ነው። የክሊኒኩ አሠሪ የጓሮውን መሬት ሃያ ቀን አዘግይቶ ስላስረከበ፣ ማሳወቂያው ውሉ በሚለው ሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ገብቷል፤ ዝርዝር ማስረጃው በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ካልገባ ግን ጥያቄውን ውሃ ይበላዋል። ሁለተኛው ስጋት ነው። ጓሮው ሲቆፈር የሳይቱ ጎረቤት የሆነችው የልብስ ሰፊዋ አጥር ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጀሶ ተለጥፏል። አጥሩ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ ያኔ ቁፋሮው ቆሞ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጠራል። ሦስተኛው ገጽ የተገባ ቃል ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ውሃ አጥሩ ሥር እንዳይተኛ ቦይ ይቆፈራል።

«እሺ፣ ይሄ ቦይ» አለ ሥራ አስኪያጁ ገጹን በጣቱ እየጠቆመ፣ «ቃለ ጉባኤው የታለ?»

ቃለ ጉባኤ በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ነው ደብተሯን ሳትጽፍበት የመለሰችው፤ ልብስ ሰፊዋ «ልጄ፣ ቃልሽ ይበቃኛል፣ ወረቀቱን ተዪው» ስትላት፣ መጻፉ ስድብ መስሏት።

«የለም» አለች። «ቃሉን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።»

«አየሽ! ይህን ከጻፍን አጥሩን ሰነጠቅን ብለን አመንን ማለት ነው።»

«ሰነጠቅን የሚል የት አዩ? ያንብቡት! ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱን መሐንዲሱ ይናገር።»

«ገጹን አውጪና ክሊራንስሽን ውሰጂ።»

«ክሊራንሱን ይቀቅሉት!»

ጥግ ላይ ተተኪዋ ተቀምጧል። ሄልሜቱ አዲስ ነው፣ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

«እትዬ፣ ቦታውን ያሳዩኝ» አለ ተነሥቶ።

ጓሮ ወረዱ። ሥራ አስኪያጁም ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ተከተለ። መስታወቱ ደህና ነው። ልብስ ሰፊዋ የሜትር ገመዷን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እማማ፣ ቦይ ይቆፈራል ተብለው ነበር?» አላት ተተኪው።

«በቀይ በር በኩል እስከ መንገዱ ተብያለሁ። ምነው፣ ልትክዱኝ ነው?»

ቃሉ ከገጹ ጋር ገጠመ። ተተኪው ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሦስቱም ገጽ ላይ ፈረመ፤ ሦስተኛው ላይ «ቦታው ድረስ ሄጄ ከአጥሩ ባለቤት ሰምቻለሁ» ብሎ ቀንና ሰዓት ጨመረ።

«እህም፣ እህም! ማን ፈርም አለህ?»

«ጌታዬ፣ የምረከበው እኔ ነኝ። የማላውቀው ቃል ክረምት ላይ በር ሲያንኳኳ የሚከፍተውም እኔ ነኝ።»

«በእናንተው ደንብ» አለች ማስታወሻውን ቀድማ የፈረመችው ቃለ ጉባኤ እጇን ዘርግታ፣ «አስረካቢና ተረካቢ ከፈረሙ ክሊራንስ አይያዝም። ወዲህ በሉ!»

ሥራ አስኪያጁ የክሊራንሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ እስክሪብቶው እስኪያቃስት ድረስ ጫን ብሎ ፈረመ። ግን አንጀቱ አልበርድ አለው።

«ይሄ መስታወት ክረምቱን ሙሉ ንክች አይልም! እንወራረድ!»

«እንወራረድ! ከተሰበረ አካፋ ይዘው ቦዩን ራስዎ ይቆፍራሉ።»

«ካልተሰበረ መጥተሽ ሦስተኛውን ገጽ ሠራተኛው ፊት ትቀጃለሽ።»

«በደስታ!»

ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ እጇን ሰዳ፣ ለውርርዱ ምስክር ሆና እጃቸውን አጨባበጠቻቸው። ተተኪው አንገቱን አከከ።

«ይቅርታ፣ እኔ ቦዩን ሰኞ ላስቆፍር ነበር። መስታወቱ ከዚያ በኋላ ሳይሰበር ቢከርም፣ ማን በላ ይባላል?»

«አጥሩ ጠንካራ ነበር ማለት ነዋ! እኔ በላሁ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቦዩ አዳነው ማለት ነው! እኔ ነኝ የበላሁት!»

ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ሲነሣ ተተኪው አዲስ ደብተር አወጣ።

«ቆይ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያላችሁት?»