ላማ የሌለበት የመነጽር ማስታወቂያ

ኤደልሚራ ቲንታያ ቦሊቪያ፣ ላፓስ ውስጥ ወዳለችው ትንሽዬ የማስታወቂያ ቢሮአችን ከገባች ጀምሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ የተናገረችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አሳንሰር ውስጥ ተቆልፎባት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጽሑፍ እጽፋለሁ። እሷ ምስል ታወጣለች፦ የሚፈለገውን በቃላት ታዝዛለች፣ ኮምፒዩተሩ ሥዕል አድርጎ ያመጣላታል።

አንድ ቀን የመነጽር ቤት ሥራ መጣ። አለቃችን ዶን ሮላንዶ ትእዛዙን ራሳቸው ጻፉት፦ «ሐኪም የአንዲት የአገሬው ተወላጅ ሴትን ዓይን ሲመረምር። ባህላዊ። አንጀት የሚበላ።»

መጣ። ምስሉ ላይ ሐኪሙ ፀጉረ ወርቃማ ጎረምሳ ነው። ሴትዮዋ ፊቷ ተጨማዶ፣ በሐዘን አንገቷን ደፍታ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ላማ፣ ያ አንገተ ረጅሙ የተራራ አገር የጭነት እንስሳ፣ ቆሟል፤ አንገቱን አስግጎ።

«ነፍስ አለው» አሉ ዶን ሮላንዶ።

«ላማው ምን ይሠራል?» አለች ኤደልሚራ።

«እኔ መቼ አዘዝኩት?»

«የአገሬው ተወላጅ፣ ባህላዊ ብለውታል። ኮምፒዩተሩ በእነዚህ ቃላት ሥር ያየው የቱሪስት ፎቶ ብቻ ነው፤ ያየውን ይመልሳል።»

«ታዲያ ላማ አይኑር በይዋ!»

«ላማ አይኑር» ብላ ጨመረች። ሁለት ላማ መጣ።

«እንዲህ ነው» አለች ሳትገረም። «ስሙን ሲሰማ ያመጣዋል፤ አይኑር የሚለውን ብዙ ጊዜ አይሰማም።»

ዶን ሮላንዶ ግን ባለ አንድ ላማውን ወደዱት፤ ለደንበኛው የቀረበውም እሱ ሆነ።

ከመነጽር ቤቱ የመጡት ዋናዋ የዓይን መርማሪ ዶኛ ካሲሚራ ላሩታ ነበሩ። ከአገሬው ተወላጆች ወገን፣ የአይማራ ሴት ናቸው፤ አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚስ፣ ጥቁር ክብ ባርኔጣ። ምስሉን ትክ ብለው አዩት።

«ታማሚው የቱ ነው?»

«ሴትዮዋ ናት፣ ዶኛ» አሉ ዶን ሮላንዶ።

«እኔ ላማው መስሎኝ። ሐኪሙን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።»

ዶኛ ካሲሚራ ምስሉን መለሱላቸው።

«ይኸውልዎ ዶን ሮላንዶ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ የመረመርኩት ሰው የለም። ደግሞስ እኔን የመሰለች ሴት ስትሣል ሁልጊዜ ታማሚ፣ ሁልጊዜ የምታሳዝን የሆነችው ለምንድን ነው? ማን ሞቶባት ነው?»

ዶን ሮላንዶ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቀላል ነው! ቀሚሱንም ባርኔጣውንም አውልቀን ሱፍ እናልብሳት!»

«ባርኔጣዬ ምን በደለዎት?»

«ታዲያ እርስዎን ፎቶ እናንሳ?»

«የእህቴ ልጆች በየግድግዳው ጢም ሊሥሉብኝ? አይሆንም።»

ያኔ ኤደልሚራ ወንበሯን ሳበች። «ዶኛ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ምን ያደርጋሉ? ምን ይይዛሉ? እዚህ ቁጭ ይበሉና ይንገሩኝ።»

እሳቸው ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። «ባህላዊ» የሚለው ወጣ። በ«አገሬው ተወላጅ» ፈንታ ዶኛ ካሲሚራን አስፈቅዳ «አይማራ» አለች። ብርሃን የሞላበት የላፓስ መነጽር ቤት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የዓይን መርማሪ፤ በሽንሽን ቀሚሷ ላይ ነጭ ጋዋን ደርባለች። ወንበሩ ላይ ፀጉሩ የሸሸ ቀይ ጎልማሳ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እያነበበ።

ኮምፒዩተሩ ጋዋኑን ለጎልማሳው አለበሰው፤ ሴትዮዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

«ጋዋን ሲባል ወንድ ይፈልጋል» አለች ኤደልሚራ። ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ሌንሱ በማን እጅ እንዳለ ለይታ ጻፈች። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ፤ ባርኔጣው ግን ሰፊ ሆኖ መጣ።

«ይቺ ከብት ነጂ ናት» አሉ ዶኛ ካሲሚራ።

ጠርዙ ጠባብ፣ አናቱ ክብ መሆኑን ጨመረች። አሁን ሆነ። ዶኛ ካሲሚራ የሴትዮዋን ፊት መረመሩት፤ የእሳቸው አለመሆኑን አረጋግጠው ተነሡ።

ለመነጽር ቤቱ ሌሎች ማስታወቂያዎችም እንዲሁ ነበር። ኤደልሚራ ከዩንጋስ ቆላ የመጣ ጥቁር ወጣት ስትል ኮምፒዩተሩ ከበሮ አስያዘው፤ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኑን፣ ጠረጴዛውንና ቡናውን ስትጽፍ ከበሮው ቀረ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደዋን ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር አፋጠጣት፤ ከጓደኛዋ ጋር መነጽር እየሞከሩ ይሳሳቃሉ ስትለው ከገደሉ አፋፍ ተመለሰች።

ማስታወቂያው በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተሰቀለ፤ ምስሉ በኮምፒዩተር የተሠራ መሆኑ ከሥሩ ተጽፏል። ያንን ግን ማን ያነባል? ሰዎች መነጽር ቤት እየሄዱ «ሥዕሉ ላይ ያለችውን ሐኪም አገናኙን» ይሉ ጀመር። ዶኛ ካሲሚራም «እሷ የለችም፣ ይቀመጡ» እያሉ ይመረምሯቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ የምትጽፈው ኤደልሚራ ናት። ዶን ሮላንዶ አንዳንዴ ከጀርባዋ ቆመው «እስቲ አንዲት ገበሬ» ይላሉ።

«የት ያለች? ምን ስትሠራ?» ትላለች ዞር ሳትል።

እሳቸውም ደንበኛውን ለመጠየቅ ስልክ ወዳለበት ይሄዳሉ።